እናቴ በሕይወት አለች፦ ግጥም ውስጥ «እኔ» የሚለው ማነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት መስመር ግጥም ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ይቺ ናት፦

ጀበናው ቦታው ነው፣ ረከቦቱም አለ፣
ያንቺ ወግ ነው እንጂ፣ ከቤት የጎደለ።
አቦሉን ቀዳሁት፣ ቶናውም ወረደ፣
በረካው ሳይደርስ ግን፣ እማ፣ ቤት በረደ።

ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናህ»፣ «መቼ ነው የተቀበሩት?» የሚል መልእክት ተደርድሮ ጠበቀኝ። ደሴ ያለው አጎቴ ደግሞ መልእክት አይወድም፤ ለቅሶ ለመድረስ በቀጥታ እናቴ ቤት ስልክ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። «ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብላ ግጥሙን በስልክ አስነበበችኝ። አንብቤ ስጨርስ ትንሽ ዝም አለችና አንድ ነገር ተናገረች። እስከ ዛሬ ስለ ግጥም ከሰማኋቸው አስተያየቶች የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

«ይሄ አንተ አይደለህም። አንተ መቼ ጀበና ነክተህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግጥሙ ውስጥ ቡና የምትቀዳው ግን እኔ አይደለሁም። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

ለመሆኑ «ተናጋሪ» ማለት ማን ነው?

ገጣሚ ማለት ብዕር ይዞ የጻፈው ሰው ነው። ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ እናት አለችው። ተናጋሪ የምንለው ደግሞ ግጥሙ ውስጥ «እኔ» እያለ የሚያወራው ድምፅ ነው። ተናጋሪው ከግጥሙ የመጀመሪያ ቃል በፊት አልነበረም፤ ከመጨረሻው ቃል በኋላም የትም አይሄድም። ስለ እሱ የምናውቀው ነገር ሁሉ በእነዚያ መስመሮች ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ልብ ወለድ ስናነብ ይህ ጉዳይ አያስቸግረንም። ገጸ ባሕርያቱ ስም አላቸው፤ ነፍሰ ገዳይ ቢኖርበት ደራሲውን ፖሊስ ይያዘው አንልም። ግጥም ላይ ስንደርስ ግን እንሳሳታለን። ግጥም አጭር ነው፣ ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም፣ የሚናገረውም ከልብ የወጣ ይመስላል። ስም የሌለው ድምፅ ስንሰማ አጠገቡ ያገኘነውን ስም እንለጥፍበታለን። አጠገቡ ያለው ስም ደግሞ የገጣሚው ነው።

የሚገርመው ግን ይህን ልዩነት እኛ በኑሯችን በደንብ እናውቀዋለን። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያስታውስ። አንዱ ታዳሚ እጁን ያነሳና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ «ተቀበልኩ» ይላል። ታዳሚው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ በዜማ ይመልሳል። ስንኙ «ከድታኝ ሄደች፣ እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ከሆነ እንቅልፍ ያጣው ማነው? አዝማሪው አይደለም፤ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ስንኙን የሰጠው ሰውዬም ላይሆን ይችላል፤ ጓደኛውን ሊነካካ ፈልጎ ይሆናል። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ይረዳል። አዝማሪውን «አይዞህ፣ ሌላ ታገኛለህ» የሚለው የለም።

ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። ሙሾ አውራጇ «ወንድሜ፣ ጋሻዬ» እያለች ታስለቅሳለች። ሟቹን በሕይወቱ አይታው ላታውቅ ትችላለች። አፏን ለሟቹ እህት አውሳው ነው እንጂ ስለ ራሷ እያወራች አይደለም። እህትየው ያን ሰዓት አንደበቷ ተይዟል፤ ማለት የምትፈልገውን ሌላ ሰው ይልላታል። «ውሸታም ናት፣ ወንድሟ አይደለም» ብሎ የሚነሳ ሰው ቢኖር ለቅሶ የማያውቅ ይባላል።

እንግዲህ ከመሰንቆና ከድንኳን ላይ የምናውቀውን ነው ወረቀት ላይ ስናገኘው የሚጠፋብን። ወረቀት ላይ የአዝማሪው ፊት የለም፣ የሙሾ አውራጇም ድንኳን የለም። ስለዚህ ምልክቱን ከቃላቱ ውስጥ መፈለግ አለብን።

አማርኛ ላይ ምልክቱ የት ነው የሚገኘው?

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ የተለየ ባሕርይ አለው። አማርኛ ጾታን በየግሱ ላይ ይለያል፦ ሄደ፣ ሄደች፤ ና፣ ነይ፤ መጣህ፣ መጣሽ። ተናጋሪው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። «እኔ» ላይ። «ሄድኩ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት ግሱ አይነግረንም። «ቀዳሁት»ም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ አማርኛ ግጥም ውስጥ የሚሰማውን ሰው ማንነት ወዲያው እናውቃለን፤ የሚናገረውን ሰው ግን አናውቅም። «ያንቺ ወግ» ሲል አድማጯ ሴት መሆኗ ተረጋገጠ። «እማ» ሲል እናት መሆኗ ተረጋገጠ። «ቀዳሁት» ያለው ማነው? ባዶ ነው። ያን ባዶ ቦታ አንባቢ በገጣሚው ፎቶ ይሞላዋል። የእኔ ፎቶ ጢም አለው፤ ስለዚህ የግጥሙ ተናጋሪም ጢም አበቀለ ማለት ነው።

ግሱ ዝም ሲል ወደ ሌላ ማስረጃ እንሄዳለን። ተናጋሪው ምን እያደረገ ነው? እንዴት ነው የሚጣራው? «አንተ» ነው የሚለው ወይስ «እርስዎ»? እጁ ምን ይዟል? ዓይኑ ምን ያያል? እናቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ግሱን አላየችም፤ ሥራውን አየች። ጀበና፣ ረከቦት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ይዞ የሚሠራው በአብዛኛው ቤታችን የቤቱ ሴት ልጅ ናት። ተናጋሪዋ ልጅ እግር የሆነች ሴት ናት ማለት ነው። እናትየዋ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ ነው የምትቀዳው። ይህንን ካየን በኋላ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው «ቀዳሁት» ሌላ ክብደት ያገኛል፦ ቤቱን የተረከበችው እሷ ናት።

መቼም «ወንድ ቡና አያፈላም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያፈላል። ለዚህ ነው «በአብዛኛው» ያልኩት። ማስረጃው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል እንጂ መሐላ አይደለም። ከሠፈራችን አንዲት ልጅ ቡና ስትቀዳ አይቼ ነው የጻፍኩት፤ ይህን ግን አንባቢ ሊያውቅ አይችልም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። ግጥሙ ላይ ያለው ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ግጥሙን መልሳችሁ እዩት። «ሞተች» የሚል ቃል የት አለ? የለም። መቃብር የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ጥቁር ልብስ የለም። ያለው «ጎደለ» እና «በረደ» ነው። አንባቢዎቼ በሙሉ እናትየዋን ቀበሩ። አንዲት ሴት ብቻ ከጅዳ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፦ «እኔም ልጄን እንዲህ ነው ትቼያት የወጣሁት። አሁን ቡና የምታፈላው እሷ ናት።» እሷ የሟች ግጥም አላነበበችም። የሄደች እናት ግጥም ነው ያነበበችው። ግጥሙም አይከለክላትም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ራሴ ያን ንባብ አላሰብኩትም ነበር።

የገጣሚውን ሕይወት ይዘው ወደ ግጥሙ የገቡት ሰዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ የዚህ ሰው እናት ሞታለች ወይ? እሷ ግን ሕይወቴን ስለማታውቅ መስመሮቹን ብቻ አየች። የበለጠ ያነበበችውም እሷ ናት።

ገጣሚውና ተናጋሪው ተቃራኒ ሆነው ሲገኙስ?

እስካሁን ያየነው ገጣሚውና ተናጋሪዋ የሚዛዘኑበትን ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ገጣሚው ጨርሶ የማይወደውን ሰው ሲያናግር ነው። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ደጋግሞ የሚነሳው ሮበርት ብራውኒንግ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመው «የመጨረሻዋ ዱቼስ» የሚባለው ግጥም ነው። 56 መስመር ነው፤ ዱቼስ ማለት የመስፍን ሚስት ናት። ከርዕሱ ሥር «ፌራራ» የሚል የጣሊያን ከተማ ስም ሰፍሯል። ይህ ብቻውን ምልክት ነው፤ የሚናገረው የለንደን ሰው አይደለም።

ተናጋሪው መስፍን ነው። አንድ እንግዳ ተቀብሎ ቤቱን እያስጎበኘ ነው። ግድግዳው ላይ መጋረጃ አለ፤ ከእሱ በቀር ማንም አይገልጠውም። ገለጠውና የቀድሞ ሚስቱን ሥዕል አሳየ። «በሕይወት ያለች ትመስላለች» ይላል። ከዚያ ስለ እሷ ማውራት ይጀምራል። ጥፋቷ ምን ነበር? ሁሉ ነገር ደስ ይላታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደስ ይላታል። አንድ ሰው ከአትክልቱ የቼሪ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሲያመጣላት ደስ ይላታል። የምትቀመጥባት ነጭ በቅሎ ደስ ትላታለች። እሱ ደግሞ የዘጠኝ መቶ ዓመት ስም ሰጥቷታል፤ እሷ ግን ያንን ከማንም ስጦታ እኩል ታየዋለች። ለምን አልነገራትም? መናገር ዝቅ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ዝቅ አልልም ይላል። ፈገግታዋ ለሁሉም ሆነ። «ትእዛዝ ሰጠሁ። ከዚያ ፈገግታው ሁሉ በአንድ ላይ ቆመ።»

ይኸው ነው። አስገደልኳት አላለም። አንድ መስመር ቆይቶ እንግዳውን «እንውረድ» ይለዋል። እዚያ ላይ ነው እንግዳው ማን እንደሆነ የምናውቀው፦ ቆንት የሚባል ማዕረግ ያለው የአንድ መኳንንት መልእክተኛ ነው፤ የመጣው የቆንቱን ልጅ ለመስፍኑ ስለመዳር ሊነጋገር ነው። ቆንቱ ከልጁ ጋር የሚሰጠው ሀብት ጉዳይም ይነሳል። ሲወርዱ መስፍኑ አንድ የነሐስ ሐውልት ያሳየዋል፦ ኔፕቱን የተባለው የባሕር አምላክ የባሕር ፈረስ ሲገራ። የግጥሙ የመጨረሻ ሐሳብ «ለእኔ ተብሎ የተሠራ» የሚል ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። መስፍኑ ምን እየተናገረ ነው? ስለ ጥሩ ሥዕል፣ ስለ ክብሩ፣ ስለ ሚስቱ ስነ ሥርዓት ማጣት። እኛ ምን እየሰማን ነው? ሚስቱን ስለሳቀች ያስገደለ ሰው ሁለተኛ ሚስት ሲያጭ። መስፍኑ ይህን ሊነግረን አልፈለገም። ታዲያ ማን ነገረን?

ገጣሚው ነው የነገረን። አንድ ቃል በራሱ ስም ሳይናገር። መጋረጃውን የሰቀለው ገጣሚው ነው፦ በሕይወት ሳለች ፈገግታዋን ማዘዝ ያቃተው ሰው አሁን ማን እንደሚያየው በገመድ ይወስናል። ቼሪውንና በቅሎዋን የመረጠው ገጣሚው ነው፤ «ጥፋት» ተብለው የተቆጠሩት ነገሮች ጥፋት አለመሆናቸውን እንድናይ። የመልእክተኛውን ማንነት እስከ መጨረሻ ያቆየው ገጣሚው ነው። የሚገራውን ፈረስ መጨረሻ ላይ ያቆመውም እሱ ነው። መስፍኑ ሐውልት አሳየ፤ ገጣሚው ግን ቀጣይዋን ሙሽራ አሳየን።

ለእኛ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ሰምና ወርቅ ጥሩ መንገድ ነው። ተናጋሪው የሚለው ሰሙ ነው፣ ገጣሚው የሚያስተላልፈው ወርቁ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ቅኔ የሚዘርፈው ሰው ሰሙንም ወርቁንም ያውቃል፤ ሁለቱን ያዋሐደው ራሱ ነውና። መስፍኑ ግን ወርቁን አያውቀውም። ሰሙን እየተናገረ ወርቁ ከአፉ ያመልጠዋል። ተናጋሪውን ከገጣሚው ለመለየት ስትፈልጉ ልትጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ እዚህ ግጥም ውስጥ ተናጋሪው ሳያውቀው እኔ ያወቅኩት ነገር አለ? ካለ፣ ያን ነገር የሰጣችሁ ሌላ ሰው ነው።

ብራውኒንግ ወደዚህ የመጣው ተጎድቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ስሙን ሳይገልጽ የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ፤ አንድም ቅጂ አልተሸጠም። ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው ፈላስፋ አንድ ቅጂ አንብቦ ደራሲው ስለ ራሱ ያለው ሐሳብ በሽታ እስኪመስል የበዛ ነው ብሎ ጻፈበት። ቅጂው ተመልሶ ብራውኒንግ እጅ ገባ። ግጥሙ ውስጥ «እኔ» ያለውን ሰው ሚል ደራሲው ራሱ አድርጎ ነበር ያነበበው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መስፍኑ ያለበትን መድበል ሲያወጣ ብራውኒንግ መግቢያው ላይ ማሳሰቢያ አኖረ፦ እነዚህ የልብ ወለድ ሰዎች ንግግሮች ናቸው፣ የእኔ አይደሉም። ነገር የነካው ሰው ማስታወቂያ ነው።

ገጣሚው በእውነት ስለ ራሱ ሲጽፍስ?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ሁሉም ግጥም ጭምብል ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። በስደት፣ በእስር፣ በሐዘን ውስጥ ሆነው ስለ ራሳቸው የጻፉ ብዙ ገጣሚዎች አሉ። ሁለቱ ይቀራረባሉ። ጥያቄው ይቀራረባሉ ወይ ሳይሆን ምን ያህል ነው።

አሜሪካዊቷ ሲልቪያ ፕላዝ እ.ኤ.አ. በ1962 «አባዬ» የሚል ግጥም ጻፈች። ስለ ሟች አባት የሚጮህ ግጥም ነው፤ አባትየውን ከናዚ ጋር ያስተካክለዋል። የፕላዝም አባት ጀርመን የተወለደ ነው፣ እሷ ሕፃን ሳለችም ሞቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ግጥሙን እንደ ማስታወሻ ደብተር ያነበዋል። ግን ዝርዝሩን እዩ። ግጥሙ ውስጥ ያለችው ልጅ «ሲቀብሩህ አሥር ዓመቴ ነበር» ትላለች። ፕላዝ አባቷ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷም ናዚ አልነበረም፤ ቦስተን ውስጥ ያስተማረ፣ ስለ ንቦች ያጠና መምህር ነው። ፕላዝ ራሷ ግጥሙን ለቢቢሲ ስታስተዋውቅ «ስለ እኔ» አላለችም፤ የምትናገረው አባቷን አምላክ አድርጋ ባሰበችበት ዕድሜ የሞተባት አንዲት ልጅ ናት ብላ በሦስተኛ ሰው ነው የገለጸቻት።

ሁለት ዓመት ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ለእኔ ብዙ ያደርጋል። የራሷን ሐዘን ወስዳ ሌላ ሰው ቀርጻበታለች ማለት ነው። ጨርቁ የእሷ ነው፤ የተሰፋው ልብስ ግን በሌላ ልክ ነው።

የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በሌላ ጫፍ ይገኛል። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ላይ የሚናገሩት ፋሽስት ጣሊያን በጥይት ሊደበድባቸው ያቆማቸው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። «አዬ፣ ምነው እመ ብርሃን? ኢትዮጵያን ጨከንሽባት?» ብለው ነው የሚጀምሩት። አቡኑ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። ጸጋዬ የተወለደው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ውስጥ ነው። «እኔ» የሚሉት ሰው ሲሞቱ ገጣሚው ገና አልተወለደም ነበር።

እዚህ ጋ ልዩነቱን መያዝ ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ስሙት። ለእመቤታችን የቀረበ ወቀሳ ነው። ይህን አንድ ወጣት ጸሐፊ በራሱ ስም ቢለው ድፍረት ነው፤ አንዳንዱም ክህደት ይለው ነበር። አቡን ሲሉት ግን ጸሎት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲማለዷት የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ምነው?» ለማለት የሚያበቃ ቅርበት አላቸው። ከፊታቸው ደግሞ ጠመንጃ ተደግኗል። ያው ቃል፣ አፍ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል። ጸጋዬን ብቻ የሚሰማ አንባቢ ይህ ሁሉ ያልፈዋል። አቡኑን ብቻ የሚሰማ ደግሞ ቃሎቹ በዚያች ሰዓት የተመዘገቡ ታሪካዊ ንግግር ይመስሉታል። ይሄም ስሕተት ነው፤ እንዲያውም በእኛ ዘንድ የሚበዛው ስሕተት ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም። ግጥም እየጠቀሰ «አቡነ ጴጥሮስ እንዲህ ብለው ነበር» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል።

ብናምታታው ማን ይጎዳል?

እኔን አጎቴ የስልክ ብር አወጣብኝ፤ ይኸው ነው ጉዳቴ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ጉዳዩ ይከፋል።

አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሰው በጥይት ተመታ። ተጠርጣሪው የራፕ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነበር። ፖሊስ ደብተሮቹን አገኘ። በችሎቱ ላይ 13 ገጽ ግጥም ለዳኝነት ለተቀመጡት ሰዎች ተነበበ። ግጥሞቹ ደም የበዛባቸው ናቸው፤ «እኔ» እያሉ ስለ መግደል ያወራሉ። አብዛኞቹ ግን ከድርጊቱ ብዙ ጊዜ ቀድመው የተጻፉ ናቸው፤ የተመታውንም ሰው ሆነ የተመታበትን ሁኔታ አይጠቅሱም። ሰውየው በግድያ ሙከራ ጥፋተኛ ተባለ። ጉዳዩ በይግባኝ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግጥሞቹ መነበብ አልነበረባቸውም አለ፤ ፍርዱ ፈረሰ።

የፍርድ ቤቱ ማብራሪያ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ትምህርት ይመስላል። ቦብ ማርሌ ሸሪፍ የሚባለውን የፖሊስ ሹም ተኩሼ ገደልኩ ብሎ ዘፍኗል፤ ሸሪፍ ገድሏል ብሎ የሚያምን ግን የለም። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ሰው ገድሎ ከወለል ሥር ስለቀበረ ሰው በ«እኔ» ጽፏል፤ ራሱ ቀብሯል የሚል የለም። ታዲያ ለዚህኛው ጸሐፊ ለምን ሌላ መለኪያ?

ፍርድ ቤቱ በሩን ግን ጨርሶ አልዘጋም። ግጥሙ ውስጥ ያለው ዝርዝር ከወንጀሉ ዝርዝር ጋር በጥብቅ የሚገናኝ ከሆነ ማስረጃ ሊሆን ይችላል ብሏል። ይህ ደግሞ ተገቢ ነው። አንድ ሰው ትናንት የተፈጸመን ወንጀል ሠፈሩን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ዓይነት ጠቅሶ ቢገጥም «ተናጋሪው ነው ያለው» ብሎ ማምለጥ የለበትም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግም የኪነ ጥበብ ሥራ በወንጀል ችሎት ከመቅረቡ በፊት ዳኛው እንዲህ ያለውን ነገር የመመዘን ግዴታ አለበት።

በሌላ በኩልም ልዩነቱ መጠለያ ሆኖ ያገለግላል። በእኛ አገር «እረኛ ምን አለ?» ይባላል። ቤተ መንግሥት ስለ ሕዝቡ ስሜት ማወቅ ሲፈልግ ከሜዳ የሚመጣውን ግጥም ያዳምጥ ነበር። እረኛው አለ ሲባል የገጠመው ሰው አይጠየቅም። ማንም ያልሆነ ተናጋሪ ማንም በስሙ ሊለው የማይደፍረውን ይናገራል። ይህን መንገድ የሚያውቅ ገጣሚ በደንብ ይጠቀምበታል፤ የሚሸሸግበትም አለ። ሰው ሰድቦ «ገጸ ባሕርይው ነው» የሚል ገጣሚ አዝማሪ ቤት ቢሆን ታዳሚው ስንኙን የሰጠው ማን እንደሆነ ዘወር ብሎ ያያል።

ዘወር ብሎ ማየት ካልኩ አይቀር፣ እናቴ ከዚያ ወዲህ አዲስ ልማድ አውጥታለች። ግጥም በለጠፍኩ ቁጥር አጎቴ ሳይቀድማት ትደውላለች። ሰላምታ የለም፣ እንዴት አደርክ የለም።

«ይሄኛው ላይስ ማነው የሚያወራው?» ትለኛለች። እኔ ሳስረዳት አንዳንዴ በመሀል ታቋርጠኛለች። «ተወው ተወው፣ አንተ ብቻ አትንገረኝ። እስቲ ደግመህ አንብብልኝ።»